ከባቄላ በኋላ ስንዴ፦ ዩሪያውን ምን ያህል ልቀንስ?

ጥያቄ፦ «ሰላም። ደብረ ብርሃን አካባቢ አባቴን በእርሻ አግዛለሁ። አምና አንድ ጥማድ ላይ ባቄላ ዘርተን 5 ኩንታል አገኘን። መጪው ሰኔ ስንዴ ልንዘራበት ነው። ባቄላውን ስንነቅል ሥሩ ላይ ትንንሽ እብጠቶች አይቻለሁ። ጎረቤቶቻችን ‹እሱ ራሱ ማዳበሪያ ነው፣ ዩሪያ አያስፈልግህም› ይሉኛል። ለስንዴ የምንጥለው 40 ኪሎ ዩሪያ ነበር። ልተወው? ገለባውን ከብቶቹ በልተውታል።»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ አትተወው። ቀንሰው፣ ግን ዘንድሮ ከሩብ በላይ አትቀንስ። ከ40 ኪሎው 30 ኪሎ ጣል ማለት ነው። ምክንያቱ የጻፍካቸው ሁለት ነገሮች ውስጥ አለ፦ ባቄላው ተነቅሏል፣ ገለባውን ደግሞ ከብት በልቶታል።

ጎረቤቶችህ ግማሹን እውነት ነው የነገሩህ። ያየኸው እብጠት፣ እኛ ኖዱል የምንለው፣ በእርግጥ ማዳበሪያ ይሠራል። ችግሩ የተሠራው ማዳበሪያ የት እንደሚገባ አለመጠየቁ ላይ ነው። አብዛኛው ፍሬው ውስጥ ይገባል። ፍሬው ደግሞ በጆንያ ተጭኖ ከማሳው ይወጣል።

መጀመሪያ እብጠቱ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ልንገርህ፤ ይህን ካወቅክ ቀሪው ስሌት ይቀልልሃል። አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከአምስት እጅ አራት እጅ ገደማ ነው፣ ግን ሁለት ሁለት አተም ሆኖ በጣም ጠብቆ ስለተያያዘ ማንም ተክል በቀጥታ አይጠቀምበትም። ራይዞቢየም የሚባሉ የአፈር ባክቴሪያዎች ይህን ማያያዣ መበጠስ ይችላሉ። የባቄላው ሥር ገና ለጋ ሳለ እነሱን የሚጠራ ኬሚካል ያወጣል፣ እነሱም በኬሚካል ይመልሱለታል። ከዚያ የሥሩ ፀጉር ይታጠፍና ባክቴሪያዎቹን ወደ ውስጥ ያስገባቸዋል፣ ሥሩም ቤት ይሠራላቸዋል። ከበቀለ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ያ ቤት በዓይን የሚታይ እብጠት ይሆናል። ባቄላው ከቅጠሉ ስኳር ይልክላቸዋል፣ እነሱ ደግሞ አሞኒያ ይሰጡታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። ይህ ሥራ ብዙ ጉልበት ይፈጃል። ስለዚህ ባቄላው አፈር ውስጥ ዝግጁ ናይትሮጅን ካገኘ ስኳሩን ለባክቴሪያ አያባክንም፣ እብጠትም እምብዛም አይሠራም። ባቄላ ላይ ዩሪያ የሚጥል ሰው ከአየር በነፃ የሚመጣውን በገንዘብ እየተካው ነው። መጀመሪያ ላይ፣ እብጠቱ ሥራ እስኪጀምር፣ ትንሽ ናይትሮጅን ያስፈልገዋል፤ ለዚያ ደግሞ ሲዘራ የሚጨመረው ኤንፒኤስ ውስጥ ያለው ይበቃል። በአንድ ጥማድ 25 ኪሎ ኤንፒኤስ ብትጥል ወደ 5 ኪሎ ገደማ ናይትሮጅን ይገባል። ከኤንፒኤሱ የምንፈልገው ዋናው ነገር ግን ፎስፈረሱ ነው። ፎስፈረስ ሲያንስ እብጠቱ ትንሽ ይሆናል፣ ባቄላውም ቀጭጮ ይቀራል። በአካባቢያችን «ባቄላ ማዳበሪያ አይፈልግም» ተብሎ በባዶው የሚዘራው ብዙ ማሳ የሚጎዳው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ቁጥሮቹ ግምት ናቸው፣ ግን ከእውነቱ ብዙ አይርቁም።

5 ኩንታል የባቄላ ፍሬ ውስጥ 20 ኪሎ ገደማ ናይትሮጅን አለ፣ ምክንያቱም ከፍሬው ክብደት 4 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ያን ያህል ፍሬ የሰጠ ባቄላ 7 ኩንታል ተኩል ያህል ገለባ ይኖረዋል፣ እዚያ ውስጥ ሌላ 7 ኪሎ ተኩል አለ። ሥሩና ከሥሩ ወደ አፈር የረገፈው ደግሞ ወደ 10 ኪሎ ይይዛል። ሲደመር 37 ኪሎ ተኩል ናይትሮጅን። ደህና እብጠት የያዘ ባቄላ ከዚህ ውስጥ 70 በመቶውን ከአየር ያመጣል ብንል 26 ኪሎ ይሆናል። ቀሪውን 11 ኪሎ ተኩል ከአፈርህ ወስዷል።

የወጣውን እይ። ፍሬው ተሸጧል ወይም ተበልቷል፣ 20 ኪሎ ሄደ። ገለባው ከብት በልቶታል፣ ሌላ 7 ኪሎ ተኩል ሄደ። በድምሩ 27 ኪሎ ተኩል ወጥቷል፣ ከአየር የገባው ግን 26 ነው። ማሳህ ናይትሮጅን አልተረፈውም፤ እንዲያውም አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ጎድሎታል። በዚያ ላይ ተነቅሎ ወደ አውድማ ከሄደው ጋር የሥሩም አንዳንዱ ሄዷል።

ይህን ስነግር ብዙ ሰው ይደነግጣል፣ «እንዴ፣ ታዲያ ከባቄላ ቀጥሎ የሚዘራው ስንዴ ለምን ያምራል?» ይለኛል። ጥያቄው ልክ ነው፣ በዓይናችን የምናየው ነገር ነውና። መልሱ እንዲህ ነው። በባቄላው ፋንታ አምናም ስንዴ ዘርታችሁ 7 ኩንታል ብታገኙ ኖሮ ፍሬውና ጭዱ 19 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ይወስዱ ነበር፣ እሱም ሁሉም ከአፈሩና ከዩሪያው ነው፤ ከአየር የሚያመጣው የለም። ባቄላው ከአፈሩ የወሰደው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ ባቄላ ማሳውን ባያበለጽገው እንኳ እንደ ስንዴ አላራቆተውም። ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሁለተኛው መሬት ውስጥ የቀረው ሥር ነው። የስንዴ ሥርና ቀሪ አገዳ ናይትሮጅኑ በጣም ያነሰ ደረቅ ነገር ነው፤ የአፈር ተሕዋስያን ሊያበሰብሱት ሲነሱ የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይወስዳሉ፣ ለአዲሱ ስንዴ የሚሆነውን ማለት ነው። የባቄላ ሥር ግን የራሱን ናይትሮጅን ይዞ ስለሚበሰብስ ከማንም አይወስድም። የበልግ ዝናብ ሲነካው ቶሎ ይሟሟል። ሦስተኛው ነገር ከናይትሮጅን ጋር ምንም አያገናኘውም፦ የስንዴን ሥር የሚያጠቁ በሽታዎች በባቄላው ዓመት የሚበሉት አጥተው ይቀንሳሉ፣ እንደ ስንዴ ያለ ቅጠል ያላቸው አረሞችም በባቄላ ውስጥ ተለይተው ስለሚታዩ ይታረማሉ። ስንዴህ የሚያምረው በሦስቱ ድምር ነው። ዩሪያን የሚተካው ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ በሽታ መቀነስ ናይትሮጅን አይሆንም።

ለዚህ ነው ሩብ ያልኩህ። 10 ኪሎ ዩሪያ 4 ኪሎ ተኩል ገደማ ናይትሮጅን ነው፤ ከላይ ያሉት ሁለቱ ነገሮች ይህን ያህል ቢሸፍኑ አይገርመኝም። ሙሉውን 40 ኪሎ ግን አይሸፍኑም። ሙሉ በሙሉ ከተውከው ስንዴው ሲያቆጠቁጥ ደህና ይመስልሃል፣ ከዚያ በነሐሴ ታችኛው ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ ቢጫ ይሆናል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ረፍዷል።

ገለባው ማሳው ላይ ቢቀር ወይም ፍግ ሆኖ ቢመለስ ኖሮ ሒሳቡ ይገለበጥ ነበር። ያን ጊዜ ማሳው 6 ኪሎ ናይትሮጅን ያተርፋል፣ በዩሪያ ሲመነዘር 13 ኪሎ። ግን ይህም ቢሆን በአንድ ዓመት አይመጣም። ከበሰበሰ ገለባና ሥር ቀጣዩ ስንዴ የሚያገኘው ከሩቡ እምብዛም አያልፍም፣ ሌላው የአፈሩ አካል ሆኖ በዓመታት ቀስ እያለ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ዓመት ባቄላ ዘርቶ በማግሥቱ ዩሪያ መተው አይሆንም፤ ባቄላን በየአራት ዓመቱ እያመላለሰ ገለባውንም እየመለሰ የቆየ ሰው ግን ቅነሳውን ከፍ ማድረግ ይችላል።

ገለባ ለከብት አትስጥ ልልህ አይደለም። ክረምት ላይ የባቄላ ገለባ ምን ያህል እንደሚፈለግ አውቃለሁ፣ በዚያ ብርድ አገር ከብት ምን ይብላ? ነገር ግን ከብቱ የበላው ናይትሮጅን አብዛኛው በፍግና በሽንት ይወጣል። ፍጉ ኩበት ሆኖ ከተቃጠለ ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል። በረት ውስጥ ጭድ አንጥፈህ ሽንቱን ካስመጠጥክና ከፍጉ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ሸፍነህ ካቆየኸው ግን ከገለባው የሄደው ጥሩ ድርሻ ይመለሳል። ሁሉንም ባይሆን የጓሮውን ያህል እንኳ ለይተህ ለዚያ ጥማድ አውለው።

አንድ ከምንም በላይ ቀላል የሆነ ነገር አለ። በሚቀጥለው ጊዜ ባቄላውን አትንቀሉ፣ በማጭድ እጨዱት። ምሽት ላይ አባትህን ስታማክራቸው «ድሮም እንነቅለው ነበር» ሊሉህ ይችላሉ፤ ልክ ናቸው፣ ደረቅ ባቄላ በእጅ ሲነቀል ይፈጥናል። ግን የተነቀለው ሥር አውድማ ላይ ይረገጥና ከገለባው ጋር ይጠፋል። ታጭዶ የቀረው ሥር ባለበት ይበሰብሳል፣ አንዳች ወጪ ሳይኖረው።

አሁን ስለ እብጠቶቹ። ስትነቅል ያየሃቸው ትንንሽ እብጠቶች ሥራ ላይ እንደነበሩ በዚያ ሰዓት ማወቅ አይቻልም፤ ባቄላ ፍሬ ሲሞላ እብጠቶቹ ያረጃሉ፣ በአጨዳ ጊዜ ከስመዋል። ማየት ያለብህ ማበብ ሲጀምር ነው፣ በእናንተ አካባቢ ነሐሴ ውስጥ። አትንቀለው፣ ስትጎትተው እብጠቶቹ አፈር ውስጥ ይቀሩና «የለውም» ትላለህ። ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቀህ ዙሪያውን በአካፋ ቆፍርና ከነአፈሩ አንሣው። ባልዲ ውኃ ውስጥ ንከረው፣ አፈሩ በራሱ ይለቃል። ከማሳው የተለያየ ቦታ አሥር ያህል ተክል እንዲህ አድርግ፤ አንድ ተክል ብቻ ዓይቶ መፍረድ ያሳስታል።

የባቄላ እብጠት ድቡልቡል አይደለም፣ ረዘም ያለና አንዳንዴም እንደ ጣት የተከፋፈለ ነው። በምላጭ ለሁለት ክፈለው። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው። ቀለሙ የሚመጣው ሌግሄሞግሎቢን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው፣ ከደማችን ቀይ ቀለም ጋር ዝምድና አለው። ሥራው ለባክቴሪያዎቹ ኦክስጅን መጥኖ ማቅረብ ነው፤ ኦክስጅን ሲበዛ ናይትሮጅኑን ወደ አሞኒያ የሚቀይረው ኢንዛይም ይበላሻል፣ ሲያንስ ደግሞ ባክቴሪያዎቹ ጉልበት ያጣሉ። ውስጡ ነጭ ከሆነ ወይ ገና ልጅ ነው፣ ወይ ደግሞ ባክቴሪያው ስኳር ከመብላት በቀር የማይሠራ ዓይነት ነው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ አርጅቷል፤ በአበባ ጊዜ አብዛኛው እንዲህ ከሆነ አንድ ነገር ጎድቶታል። ትልልቅና ቀይ እብጠቶች በዋናው ሥር አናት ላይ ተሰብስበው ካየህ ግን ባክቴሪያው ገና ከመጀመሪያው ነው የገባው፣ ደስ ይበልህ።

ከሌላ ነገር ጋር እንዳታምታታውም። የሥር ትል የሚያመጣው እብጠት ሥሩ ራሱ ያበጠ ነው፣ በጣት ፈትገህ አታነሣውም። ኖዱል ግን ከሥሩ ጎን የተለጠፈ ስለሆነ በቀላሉ ይረግፋል። በአካባቢያችሁ ቆርምድ የሚባለው የባቄላ በሽታም እብጠት ያመጣል፣ ያ ግን ቅጠልና ግንድ ላይ ነው፣ ከዚህ ጋር አይገናኝም። ይሁን እንጂ ቆርምድ የመታው ባቄላ ናይትሮጅንም አያመጣም። እብጠቱ የሚሠራው የተክሉን ስኳር በልቶ ነው፤ ተክሉ ከተጎዳ ሥራው ይቆማል። በጥቅሉ ስታስበው ከመሬት በላይ ለሚያድገው ለያንዳንዱ 10 ኩንታል ደረቅ ባቄላ፣ ከነገለባው ማለቴ ነው፣ ከአየር የሚመጣው 20 ኪሎ አካባቢ ናይትሮጅን ነው። አምና 2 ኩንታል ብቻ አግኝታችሁ ቢሆን ኖሮ ከዩሪያው ምንም አትቀንስ ነበር የምልህ።

እብጠት ከሌለ ወይም ውስጡ ነጭ ከሆነ በእናንተ አገር ሁለት ነገር ነው የምጠረጥረው። አንደኛው ውኃ ነው። መረሬ አፈር ላይ ሐምሌ ውስጥ ውኃ ሲቋጥር አየር ወደ ሥር አይገባም፣ እብጠቱም ታፍኖ ይሞታል። መደብ አውጥቶ ውኃውን በቦይ ማፍሰስ ከየትኛውም ማዳበሪያ ይበልጥ ይጠቅመዋል። ሁለተኛው የአፈር አሲድነት ነው። ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ የባቄላ ባክቴሪያ ይቸገራል፣ ፎስፈረሱም በአፈሩ ይታሰራል፤ ከ5 በታች ደግሞ አልሙኒየም ሥሩን ራሱን ይመርዘዋል። እንዲህ ያለ መሬት ላይ ኖራ ሳይጨምሩ ሕያው ማዳበሪያ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ኖራው ከመዝራት ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ተበትኖ መታረስ አለበት፣ መጠኑም በምርመራ ውጤት እንጂ በግምት አይሆንም።

ሕያው ማዳበሪያ ያልኩት በፓኬት የሚሸጠውን ባክቴሪያ ነው። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ጓያ በሚዘሩበት አገር ለእነሱ የሚሆነው ባክቴሪያ ብዙውን ጊዜ አፈር ውስጥ አለ፣ አራቱም አንድ ዓይነት ነው የሚጠቀሙት። እብጠቱ ቀይ ከሆነ ፓኬቱ ብዙ ላይጨምርልህ ይችላል። የምትገዛ ከሆነ ፓኬቱ ላይ «ለባቄላ» መባሉንና ጊዜው አለማለፉን እይ። የሽምብራው፣ የቦሎቄው፣ የአኩሪ አተሩ ለባቄላ አይሆንም። ዘሩን ስኳር በሟሟበት ውኃ ርጠብ አድርገህ ከፓኬቱ ጋር ጥላ ውስጥ አሸው፣ በዚያው ቀን ዝራውና ወዲያው አፈር አልብሰው። ፀሐይ ላይ ከቆየ፣ በፀረ ሻጋታ መድኃኒት ከታሸ ወይም ከኤንፒኤስ ጋር ከተደባለቀ ባክቴሪያው ሞቷል።

ስለ ስንዴው ልጨርስ። 30 ኪሎውን በአንድ ጊዜ አትጣለው። 10 ኪሎውን ስትዘራ፣ 20ውን ስንዴው ሲያቆጠቁጥ፣ አፈሩ ርጥበት ኖሮት ውኃ ግን ባልቋጠረበት ቀን ጣል። ከማሳው ጫፍ ደግሞ ሁለት ጠባብ መስመር በካስማ ለይ። አንዱ ላይ እንደ ድሮው በ40 ሒሳብ ጨምር፣ ሌላው ላይ ምንም ዩሪያ አታድርግ። መስከረም ላይ ሦስቱን ጎን ለጎን ስታያቸው፣ በኋላም ለየብቻ አጭደህ ስትመዝናቸው፣ የእናንተ ባቄላ ለእናንተ መሬት ስንት ኪሎ ዩሪያ እንደሚያተርፍ ከእኔ ግምት በተሻለ ታውቀዋለህ። በ30 እና በ40 መካከል ልዩነት ካላየህ በሚቀጥለው ዙር ወደ 25 ውረድ። የ30ው ቢጫ ካለ ግን ቢጫው ረባዳው ቦታ ላይ ብቻ ነው ወይስ በሁሉም ቦታ ብለህ አጣራ፤ ረባዳው ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የውኃ እንጂ የዩሪያ አይደለም።

ከስንዴው ቀጥሎ ባለው ዓመት ገብስ ዝሩ፣ ያን ጊዜ የባቄላው ውጤት አልቋል ብለህ ወደ ሙሉ ማዳበሪያ ተመለስ። ለቢራ ብቅል የሚሸጥ ገብስ ከሆነ ግን ከባቄላ ቀጥሎ ወዲያው አትዝራው፣ ዩሪያም አታብዛበት፤ ናይትሮጅን ሲበዛ የፍሬው ፕሮቲን ከፍ ይልና ብቅል ፋብሪካ አይቀበለውም። ባቄላው ወደዚያ ጥማድ የሚመለሰው ከሦስት ዓመት ባላነሰ ጊዜ ይሁን። በመካከል አተር ወይም ምስር አስገብተን እናፍጥነው እንዳትሉ፣ አንዳንዶቹን የሥር በሽታዎች ይጋራሉ።

የቀበሌው የግብርና ባለሙያ የአፈር ናሙና እንዲወስዱላችሁ ጠይቅ። የፒኤች ውጤቱንና መሬቱ መረሬ ይሁን ቀይ ጻፍልኝ፣ የኖራውን ነገር ያኔ በቁጥር እንነጋገራለን።